ግኝቷ ስላይድ 33 ላይ ተቀብሮ ነበር

ቅዳሜ ከሰዓት፣ መርካቶ፣ ከአንዋር መስጊድ ብዙም ሳይርቅ በሚገኝ የጨርቅ ሱቅ ውስጥ ተቀምጠናል። ሱቁ የጓደኛዬ አባት ነው። እኔ ጥቅል ጨርቅ ላይ፣ እሷ ዱካ ላይ፣ ላፕቶፑ ደግሞ መለኪያው ሜትር ካለበት ጠረጴዛ ላይ። በር ላይ ተሸካሚዎች «መንገድ! መንገድ!» እያሉ ያልፋሉ። ጓደኛዬ ማክሰኞ ጠዋት የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፏን ዲፌንድ ታደርጋለች፣ ስላይዷ ግን አልሆነላትም።

አልሆነላትም የምለው በግምት አይደለም። ሐሙስ ዕለት ከክፍል ጓደኞቿ ጋር ልምምድ አድርጋ ነበር። አንዱ ስልኩ ላይ 15 ደቂቃ ሞልቶ ያዘላት፤ ለዲፌንሱ የተሰጣት ጊዜ ያው 15 ደቂቃ ነው። ስልኩ ሲጮህ እሷ ስላይድ 17 ላይ ነበረች፣ ገና የቀደሙ ጥናቶችን እየቆጠረች። ሁለት ዓመት የለፋችበት ውጤት ያለው ስላይድ 33 ላይ ነው። ከሰሙዋት አራት ጓደኞቿ አንዱም ምን እንዳገኘች ሳያውቅ ወደ ቤቱ ሄደ።

የሚያናድደው ጥናቱ ጥሩ መሆኑ ነው። ርዕሱ ዱቤ ነው። ጅምላ ሻጩ ለቸርቻሪው ዕቃ በዱቤ ሲሰጥ ምን አይቶ ነው የሚያምነው? የንግድ ፈቃዱን? የባንክ ሒሳቡን? ወይስ «እኔ አውቀዋለሁ» የሚልለትን ሰው? ለዚህ ጥያቄ መልስ ለማግኘት እዚሁ መርካቶ ሱቅ ለሱቅ ዞራ 140 ቸርቻሪዎችን ጠይቃለች። ጥናቱ ገና ስላልወጣ እዚህ የምጠቅሳቸውን የውጤት ቁጥሮች ለምሳሌ ያህል ቀይሬያቸዋለሁ፤ ነገሩን ለማየት ያው ናቸው።

ፋይሉን ስከፍተው 46 ስላይድ ነበረው። 15 ደቂቃ 900 ሰከንድ ነው፤ ለ46 ሲካፈል ለአንዱ ስላይድ 20 ሰከንድ እንኳ አይደርሰውም። ሦስተኛው ስላይድ ብቻውን 186 ቃላት ነበሩት፣ ቆጥሬያቸዋለሁ። ሰው እንግሊዝኛ ሳይቸኩል ጮክ ብሎ ሲያነብ በደቂቃ 130 ቃል ገደማ ይሄዳል። ስለዚህ ያ ስላይድ ብቻውን ወደ አንድ ደቂቃ ተኩል ይበላል፤ የያዘው ደግሞ የመርካቶን ታሪክ ነው፣ ጣልያን ገበያውን ከአራዳ ወደዚህ እንዴት እንዳዞረው።

«ታዲያ እኔ አላነበውም፣ እነሱ ያነቡታል» አለችኝ።

ችግሩ እዚህ ጋ ነው። ስክሪን ላይ ጽሑፍ ካለ ሰው ያነባል፣ ሳይፈልግም ያነባል። እያነበበ ደግሞ አይሰማሽም። ሪቻርድ ሜየር የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በዚህ ላይ ብዙ ሙከራ አድርጓል፤ ሥዕል እያዩ ማብራሪያውን በጆሮ ብቻ የሰሙ ተማሪዎች፣ ያንኑ ማብራሪያ በድምፅም በጽሑፍም አንድ ላይ ከቀረበላቸው ይልቅ በደንብ እንደሚረዱ አሳይቷል። ቃል በቃል የምታነቢው ከሆነ ጽሑፉ ትርፍ ነው። ሌላ የምትናገሪ ከሆነ ደግሞ ከአንቺ ጋር ይሻማል።

ግን 186 ቃል አንድ ስላይድ ላይ እንዴት ገባ? ማንም ሰው ሆን ብሎ እንዲህ አያደርግም። ፖወርፖይንት ነው የሚያስገባው። ስላይዱ ላይ ባዶ ሳጥን ስትከፍቱ ፊደሉ መጀመሪያ 28 ነው። ጽሑፉ ከሳጥኑ ሊያልፍ ሲል ፕሮግራሙ ምንም ሳይነግራችሁ ፊደሉን ያሳንሰዋል፤ 24፣ 20፣ 16 እያለ ይወርዳል። እናንተ ከዎርድ ገልብጣችሁ ስትለጥፉ «አይ፣ ገባ እኮ!» ትላላችሁ። የጓደኛዬ ሦስተኛ ስላይድ 13 ላይ ደርሶ ነበር። ላፕቶፑ ፊት 40 ሳንቲ ሜትር ላይ ስለምትቀመጥ ለእሷ ምንም አልጎደለም።

ስለዚህ መጀመሪያ ያደረግነው ጽሑፍ መቀነስ አልነበረም። ሳጥኑ ላይ በቀኝ ጠቅ አድርገን Format Shape፣ ከዚያ Text Options፣ ከዚያ Text Box ገባን፤ እዚያ Do not Autofit የሚለውን መረጥን፣ ፊደሉንም ወደ 28 መለስነው። ጽሑፉ ከስላይዱ ታች ወርዶ እስከ ጠረጴዛው ጫፍ የሚደርስ መሰለ። ጓደኛዬ ሳቀች፣ ከዚያ ዝም አለች። ምን ያህል እንደበዛ ያየችው ያኔ ነው። እኔ ከመቶ ጊዜ «አሳጥሪው» ብላት አይገባትም ነበር።

ከዚያ ወደ መቁረጡ። ደንብ አላወጣንም፤ ስድስት መስመር፣ ስድስት ቃል የሚለውን የታወቀ ምክር ብዙም አልወደውም፣ መጥፎ ሐሳብም በስድስት ቃል ይጻፋል። ይልቅ ለእያንዳንዱ ስላይድ አንድ ጥያቄ ጠየቅኳት፦ «ይሄን ባታሳዪ የትኛው መልስሽ ይፈርሳል?» የጣልያኑ ታሪክ ቢወጣ ምንም አይፈርስም፣ ወጣ። «መርካቶ በአፍሪካ ትልቁ ገበያ ነው» የሚለውም ወጣ። (ስለ መርካቶ የተጻፈ መመረቂያ ሁሉ የሚከፈተው በዚህ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ኤግዛሚነሮቹ እስኪሰለቻቸው ሰምተውታል፣ ምንጭ አምጡ ቢሏችሁ ደግሞ ጣጣ ነው።) ከሦስተኛው ስላይድ የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ቸርቻሪው ዕቃውን ከመሸጡ በፊት ይወስዳል፣ ከሸጠ በኋላ ይከፍላል፣ መሃል ላይ ምንም የተፈረመ ወረቀት የለም። ጥናቱ የተነሳበት ጥያቄ ይሄው ነው።

ርዕሶቹ ሌላ ጉዳይ ነበሩ። ሁሉም የምዕራፍ ስም ናቸው፦ «መግቢያ»፣ «ዘዴ»፣ «የሞዴሉ ውጤት»፣ «የሞዴሉ ውጤት የቀጠለ»። ስላይዶቹ በእንግሊዝኛ ናቸው፣ እዚህ በአማርኛ ነው የማስቀምጣቸው። «የሞዴሉ ውጤት የቀጠለ» የሚል ርዕስ ለሰሚው ምንም አይነግረውም። በፔንስልቬንያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው ማይክል አሊ ለዓመታት የሚሰብከው አንድ አካሄድ አለ፤ ርዕሱ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይሁን፣ ያገኘኸውን ይናገር፣ ከሥሩ ያለው ደግሞ ማስረጃው ብቻ ይሁን። እኛም ያንን ያዝን።

ዋናው ነገር ከሥር ሲቀበር ምን እንደሚመጣ የሚያሳይ የታወቀ ታሪክ አለ። በጥር 2003 እ.ኤ.አ. ኮሎምቢያ የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር ስትነሳ ከነዳጅ ታንኳ ላይ የተላጠ ስፖንጅ መሰል ቁራጭ ክንፏን መታው። መንኮራኩሯ ገና ጠፈር ላይ ሳለች የቦይንግ መሐንዲሶች ጉዳቱን ገምግመው ለናሳ በስላይድ አቀረቡ። ኤድዋርድ ተፍቲ የሚባለው የመረጃ አቀራረብ ሊቅ በኋላ ላይ አንዱን ስላይድ መስመር በመስመር ተነተነው። ርዕሱ የሚያረጋጋ ነበር። ክንፉን የመታው ቁራጭ በሙከራ ከተፈተነው 640 እጥፍ የሚበልጥ መሆኑ የሚታወቀው ግን ከታች፣ በትንሹ ፊደል ከተጻፈው መስመር ነው። የካቲት 1 ቀን 2003 እ.ኤ.አ. መንኮራኩሯ ስትመለስ ተበታተነች፣ ሰባቱም ተጓዦች ሞቱ። አደጋውን ስላይድ አላደረሰውም፣ እንዲህ ማለት ቧልት ይሆናል። ግን መርማሪው ቦርድ ራሱ በዚያው ዓመት ባወጣው ሪፖርት ስላይዱን አንስቶ ወቅሷል።

ወደ ጨርቅ ሱቁ እንመለስ፤ ስላይድ 33 ላይ ደርሰናል።

ስላይዱ ከስታታ ላይ በቀጥታ ፎቶ ተነስቶ የተለጠፈ ሠንጠረዥ ነው። 11 ተለዋዋጮች፣ ለእያንዳንዳቸው ስድስት ዓምድ፣ በጠቅላላው 66 ቁጥር፣ አንዳንዱ ከነጥብ በኋላ ሰባት አሃዝ። ምስሉ ስለተለጠጠ ደግሞ ደብዝዟል። ኢኮኖሚክስ ተምሬ እንኳ ዋናውን ቁጥር ለማግኘት ጣቴን ስክሪኑ ላይ ማስኬድ ነበረብኝ። «የቱ ነው ውጤትሽ?» ስላት ሳታመነታ አሳየችኝ፦ ስድስተኛው መስመር። ዋስ፣ ማለትም ለጅምላ ሻጩ «እኔ አውቀዋለሁ» የሚልለት ሰው መኖር አለመኖሩ። ቁጥሩ 0.23 ነው። ዋስ ያለው ቸርቻሪ ዱቤ የማግኘት ዕድሉ ከሌለው በ23 መቶኛ ነጥብ ይበልጣል። ፈቃድ ካወጣ ስንት ዓመቱ ነው የሚለው ግን ከዜሮ የሚለይ ነገር አላሳየም።

የመጀመሪያ ሐሳባችን ሦስቱን ዋና ተለዋዋጮች በአንድ ባር ቻርት ማስቀመጥ ነበር። ሠርተነው ስናየው ያምራል፣ ግን ይዋሻል። «ዋስ አለ ወይስ የለም» አዎ ወይም አይ ነው። «ከጅምላ ሻጩ ጋር የተዋወቁበት ጊዜ» ግን በዓመት የሚቆጠር ነው፤ ቁጥሩ 0.04፣ ያውም ለአንድ ዓመት። ጎን ለጎን ሲቆሙ የዋስ ባር ረጅም፣ የትውውቁ ባር ድንክ ይሆናል። ሆኖም አምስት ዓመት የተዋወቀ ሰው ወደ 0.20 ይደርሳል፤ ከዋስ ብዙም አያንስም። ይሄን ቻርት ኤግዛሚነር ፊት ይዞ መቅረብ ራስን ማጋለጥ ነው።

ስለዚህ ተውነው፤ ሁለት ባር ብቻ አደረግን። ዋስ የሌላቸው፣ ሌላው ሁሉ ባለበት ሆኖ፣ ዱቤ የማግኘት ዕድላቸው 41 በመቶ። ዋስ ያላቸው 64 በመቶ። ስታታ ላይ ሎጂት ከሠራችሁ ይሄን ለማግኘት አንድ መስመር ይበቃል፤ ተለዋዋጩ ሞዴሉ ውስጥ `i.was` ተብሎ የገባ መሆን ብቻ አለበት፦

```
margins was
```

ቁጥሮቹን በባሮቹ ጫፍ ላይ ጻፍናቸው፣ የጀርባ መስመሮቹን አጠፋን፣ ዘንጉ ከዜሮ እንዲጀምር አደረግን። ይሄ የመጨረሻው ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ቁጥሮቹ ሲቀራረቡ ኤክሴል አንዳንዴ ዘንጉን በራሱ ከዜሮ በላይ ያስጀምርና ትንሹን ልዩነት የሰማይና የምድር ያስመስለዋል። ሠንጠረዡ አልተጣለም። ከመጨረሻው ስላይድ በኋላ፣ በንጽሕና ተጽፎ፣ ለጥያቄ ጊዜ ተቀመጠ። ከዜሮ ያልተለዩትንም አልደበቅንም፤ የሠራውን ብቻ እያሳዩ ያልሠራውን መዋጥ ስላይድ ማሳመር አይባልም።

ርዕሱ ላይ ግን ተጣላን። እሷ የጻፈችው «ዋስ ዱቤ ያስገኛል» የሚል ነበር። አጭር ነው፣ ይጥማል። ግን ጥናቷ ይሄን አያረጋግጥም። ዋስ ያገኘ ሰው ምናልባት ከመጀመሪያውም ታማኝ ስለሆነ ይሆናል ዋስ ያገኘው፤ ታማኝነትን ደግሞ ቃለ መጠይቋ አልለካም። ርዕስን ዓረፍተ ነገር ማድረግ ይሄ አደጋ አለው። «የሞዴሉ ውጤት» የሚል ርዕስ ምንም ስለማይል አያሳስትም፤ ዓረፍተ ነገር ግን ቃል መግባት ነው፣ ኤግዛሚነሩም የሚይዛችሁ በግሱ ነው።

«ሌላው ሁሉ እንዲህ ብሎ አይደል የሚያቀርበው?» አለች።

«ሌላው ሁሉ ስላይድ 33 ላይ አይደርስም፣ ማን ያየዋል!» አልኳት። በመጨረሻ «ዋስ ያላቸው ቸርቻሪዎች ዱቤ የማግኘት ዕድላቸው ከፍ ያለ ነው» በሚለው ተስማማን። ረዘመ፣ ግን ሊከላከሉት ይቻላል።

አባቷ እስካሁን ደንበኛ እያስተናገዱ ነበር። ገበያው ቀዝቀዝ ሲል መጥተው ከኋላችን ቆሙ። እንግሊዝኛ አያነቡም፣ ስለዚህ ያዩት ሥዕሉን ነው። ሁለተኛው ስላይድ ላይ፣ ከጽሑፉ ጀርባ፣ ፈዘዝ ተደርጎ የተዘረጋ የገበያ ፎቶ አለ።

«ይሄ ገበያ የት አገር ነው?» አሉ።

«መርካቶ ነዋ አባዬ፣ ከጉግል ነው ያመጣሁት።»

«የምን መርካቶ! እኔ ሠላሳ ዓመት እዚህ ተቀምጬ እንዲህ ያለ ጃንጥላ ተደርድሮ አላየሁም። አንተ ልጅ፣ አንተስ ታውቀዋለህ?»

«አላውቀውም ጋሼ» አልኳቸው። ፎቶውን ይዘን ከየት እንደመጣ ስንፈልግ ሌላ የአፍሪካ አገር ገበያ ሆኖ ተገኘ። ቢሮዋ ሆና ያልሠራችውን፣ በእግሯ ዞራ የሠራችውን ጥናት የሌላ አገር ገበያ ሽፋን ሆኖት ነበር። ሰው ፊት ቢታይ፣ ከኤግዛሚነሮቹ አንዱ መርካቶ አድጎ ቢሆን፣ «ዳታውስ ከየት ነው?» ብሎ መጠርጠሩ አይቀርም።

ሌሎቹ ሥዕሎችም ያው ናቸው። «ዱቤ» ለሚለው ሱፍ የለበሱ ሁለት ፈረንጆች ሲጨባበጡ። «መተማመን» ለሚለው እንደገና እጅ ለእጅ። «የጥናቱ ዓላማ» ለሚለው ቀስት የተሰካበት ዒላማ። አንዱ ፎቶ በጎን ተጎትቶ ሰዎቹ ወፍረዋል፤ ፎቶ ሲተልቅ ሲያንስ የሚጎተተው ከማዕዘኑ ነው፣ ከጎኑ ከተጎተተ መጠኑ ይዛባል። ሌላው ላይ የፎቶ ሻጩ ድርጅት ምልክት በመሃል ተጋድሟል። 46 ስላይድ ላይ 21 ሥዕል ቆጠርኩ። ቢወጣ ትርጉም የሚጎድልበት አንድም አልነበረም።

ጋሼ ያኔ ከመሳቢያቸው ደብተራቸውን አወጡ። በየሱቁ ያለው ዓይነት፣ ጠርዙ የተላላጠ፣ ባለመስመር ደብተር። ገልጠው አሳዩን፦ ስም፣ የዕቃው ዓይነት፣ ብር፣ ቀን። የተከፈለው ላይ አንድ መስመር ተሰርዟል። ፊርማ የለም፣ ማኅተም የለም፣ መታወቂያ ቁጥር የለም። አንዳንዱ ስም አጠገብ ግን በቅንፍ ሌላ ስም አለ።

«እሱ ማነው?» አልኩ።

«ያመጣው ሰው ነዋ። ቢጠፋ እሱን ነው የምይዘው።»

ጓደኛዬ አየችኝ። ተለዋዋጭ ቁጥር ስድስት እዚያ ቅንፍ ውስጥ ተጽፎ ተቀምጧል። ሁለት ዓመት ሙሉ ከአባቷ መሳቢያ ውስጥ ነበር።

ፈቃዳቸውን ጠይቀን አንድ ገጽ በስልክ ፎቶ አነሳን። ብልጭታ አልተጠቀምንም፣ ወረቀቱ እንዳያንጸባርቅ በር አጠገብ በቀን ብርሃን፣ ስልኩን ከላይ ቀጥ አድርገን። ስሞቹን ሁሉ በጥቁር ሸፈንን። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ፖወርፖይንት ላይ ከፎቶው በላይ ጥቁር ሳጥን ማስቀመጥ አይበቃም፣ ፋይሉን ያገኘ ሰው ሳጥኑን ማንሳት ይችላል። ስሞቹን ሸፍነን ሌላ ምስል አድርገን ካስቀመጥነው በኋላ ነው ያስገባነው። ፎቶው ስላይዱን ሙሉ ያዘ፤ ከላይ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ቅንፉ ላይ አንድ ቀይ ክብ። በቃ። ሌላ ሥዕል አላስፈለገም፤ 21ዱም ተሰናበቱ።

ማምሻውን ስንጨርስ 13 ስላይድ ለመናገር፣ 6 ደግሞ ለጥያቄ ቀርተው ነበር። ማየት ያለብን ከሩቅ እንዴት እንደሚታይ ነው፣ ሱቅ ውስጥ ግን ፕሮጀክተር የለም። በስልክ ለካነው። ስላይዱን ምስል አድርጌ በቴሌግራም ላክሁላት፤ ስልኳን አጋድማ ስትከፍተው ስላይዱ ወደ 12 ሳንቲ ሜትር ወርድ አለው። ያንን ከዓይን 45 ሳንቲ ሜትር አርቆ መያዝ፣ ሁለት ሜትር ወርድ ያለውን የፕሮጀክተር ስክሪን ከሰባት ሜትር ተኩል ርቀት ላይ እንደማየት ነው፤ ምጥጥኑ እኩል ነው። መካከለኛ ክፍል ውስጥ ኋላ ወንበር ማለት ነው። ሳታጎሉ፣ በጣታችሁ ሳትለጥጡ፣ ዓይናችሁን ሳታጠብቡ ማንበብ ካቃታችሁ ኤግዛሚነሩም አያነበውም። አሮጌውን ሦስተኛ ስላይድ በዚሁ አየነው፤ ግራጫ እድፍ ነው። ከአዲሶቹ ሁለቱ ወደቁ፣ የቻርቱ ዘንግ ጽሑፍ 12 ሆኖ ቀርቶ ነበር፣ ወደ 20 አሳደግነው።

ስልኩ የማያሳያችሁ ግን አለ። ሰኞ ወደ ክፍሉ ሄዳ ስትሞክረው ሁለት ነገር ተበላሸ። ፕሮጀክተሩ አሮጌና ካሬ ቀመስ ነው፣ አራት ለሦስት የሚሉት፤ ሰፊው ስላይድ ከላይና ከታች ጥቁር ሆኖ ፊደሉ አነሰ። Design ውስጥ Slide Size ገብታ ቀየረችው፣ ከዚያም የተዛዙትን ሳጥኖች አንድ በአንድ አስተካከለች። ሁለተኛው የአማርኛ ጥቅስ ነው። አንዲት ነጋዴ የተናገረችውን በአማርኛ አስቀምጣው ነበር፣ በድሮ ግዕዝ ሶፍትዌር የተተየበ። የክፍሉ ኮምፒዩተር ላይ ያ ፎንት የለም፤ ጥቅሱ የላቲን ፊደልና ምልክት ቅልቅል ሆኖ ወጣ። የድሮዎቹ ሶፍትዌሮች የአማርኛውን ፊደል ሥዕል በላቲን ፊደላት ቦታ ስለሚያስቀምጡ ፎንቱ ከሌለ ከሥሩ ያለው ይወጣል። በዩኒኮድ፣ በኒያላ ፎንት እንደገና ተየበችው፤ ለማንኛውም ብላ ደግሞ ፒዲኤፍ ቅጂ ፍላሿ ላይ ያዘች።

ማክሰኞ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ አየሁ። ዋናው ውጤት በሰባተኛው ደቂቃ ላይ ወጣ። የሳትነው ነገርም ታየ፤ አንዱን ባር ፈዛዛ ቢጫ አድርገነው ነበር፣ መጋረጃ በሌለው ክፍል ውስጥ ነጩ ላይ ጠፋ፣ 41 የሚለው ቁጥር ብቻ አየር ላይ ተንሳፎ ቀረ። በቃሏ አዳነችው።

ከውጭ የመጡት ኤግዛሚነር የመጀመሪያ ጥያቄያቸው የባንክ ሒሳብን የሚመለከት ነበር፣ ሠንጠረዡን ማየት ፈለጉ። እሷ ወደፊት አንድ በአንድ አልተራመደችም፤ 15 ተጭና ኢንተር ስትል ሠንጠረዡ መጣ። አዩትና አንገታቸውን ነቀነቁ። ከዚያ «የዚያን ደብተር ፎቶ መልሺልኝ» አሏት። ስድስት፣ ኢንተር።

መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ትንሽ አዩት። «ይሄ የተሰረዘው መስመር ላይ ቅንፍ ውስጥ ያለው ስምም አብሮ ተሰርዟል» አሉ። «ቸርቻሪው ሲከፍል ዋሱ ነፃ ይወጣል ማለት ነው፣ ወይስ ለሚቀጥለው ዕቃም ዋስ ሆኖ ይቆያል?»

ጓደኛዬ ለዚህ ጥያቄ ዳታ አልነበራትም። እንደሌላት ተናገረች። ማታ ሱቅ ሄዳ አባቷን ጠየቀቻቸው።

«እንደ ሰዉ ነው» አሉ ጋሼ።